ለጂኖሚክስ ፕሮፌሰር የምልከው ደብዳቤ፣ ሳትራሩ እዩልኝ (ሀዋሳ)

ሐይቅ_ዳር · ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ሀዋሳ ነው የምማረው፣ ባዮቴክኖሎጂ፣ የመጨረሻ ዓመት። የመመረቂያ ጽሑፌን ጂኖሚክስ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። በእኛ ዲፓርትመንት ግን በዚህ የሚሠራ አድቫይዘር የለም። ሌላ ግቢ ውስጥ የእፅዋት በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎችን ጂኖም የሚያጠኑ አንድ ፕሮፌሰር አሉ። ለሳቸው ልጽፍ ነው። የምልከው በእንግሊዝኛ ነው፣ እዚህ ግን በአማርኛ አስቀመጥኩት።

«ለተከበሩ ፕሮፌሰር፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የአራተኛ ዓመት የባዮቴክኖሎጂ ተማሪ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ለሳይንስ ልዩ ፍቅር አለኝ። ጂኖሚክስ የዘመኑ ሳይንስ በመሆኑ በእርስዎ ላብ ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፌን ለመሥራት ያለኝን ጽኑ ፍላጎት በትህትና እገልጻለሁ። ሐሳቤ ከሲዳማ 12 የእንሰት ዝርያዎችን ሰብስቤ፣ ሙሉ ጂኖማቸውን ሲኩዌንስ አድርጌ፣ የአጠውልግ በሽታን የሚቋቋመውን ጂን መለየት ነው። ታታሪና ቶሎ የሚገባኝ ተማሪ ነኝ። መልካም ምላሽዎን በጉጉት እጠብቃለሁ።»

እስቲ ምን ይጎድለዋል?

ዳዊት_ተርሚናል · ሰኞ ማታ

አሪፍ ነው ባክሽ። አንድ ሰው ላይ ብቻ ግን አትንጠልጠዪ። ስም እየቀየርሽ ለሃያ ሰው ላኪው። አንዱ መመለሱ አይቀርም።

ቤተ_ሙከራ · ሰኞ ሌሊት

እህቴ፣ ሳትራሩ ስላልሽ ነው። ላብ ውስጥ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ይህ ደብዳቤ በየዓመቱ ይመጣል፣ የላኪው ስም ብቻ ይለያያል። ፕሮፌሰሮቹ ዝም የሚሉት ንቀው አይደለም። ገና ሲያነቡት በጭንቅላታቸው ሒሳብ ስለሚሠሩ ነው። ዳዊት እንዳለው ለሃያ ሰው ብትልኪው ሃያ ሰው ያንኑ ሒሳብ ይሠራል።

ሒሳቡ ይኸው። የእንሰት ጂኖም ከ500 ሚሊዮን ፊደል በላይ ነው፤ ረቂቁ የወጣው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። አንድ ተክል በደንብ ተነበበ ለማለት እያንዳንዱ ቦታ 30 ጊዜ ያህል ቢነበብ ይመረጣል። ለአንዱ ተክል ከ15 ቢሊዮን ፊደል በላይ ሆነ ማለት ነው። በ12 አባዢው፣ ወደ 200 ቢሊዮን ይጠጋል። ይህ በዶላር የሚከፈል ነገር ነው። ዲኤንኤውን ውጭ ልላክ ካልሽ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ከብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ማውጣት አለ። አንድ ሴሚስተር ወረቀት ስታሯሩጪ ያልቃል።

ገንዘቡ ከሰማይ ቢወርድ እንኳ ጥያቄው አይመለስም። በሁለት የእንሰት ዝርያዎች መካከል ያለው ልዩነት ስፍር ቁጥር የለውም። ከዚያ ሁሉ ውስጥ በሽታውን የሚከላከለው የትኛው እንደሆነ በ12 ተክል በምን ትለዪዋለሽ? መጀመሪያ እያንዳንዱን ዝርያ በባክቴሪያው አስይዘሽ፣ ወራት ጠብቀሽ፣ ማን ጠወለገ ማን ቆመ ብለሽ መመዝገብ አለብሽ። ማዚያ የሚባለው ዝርያ የተሻለ እንደሚቋቋም የታወቀውም እንደዚያ በሜዳ ሥራ ነው።

ሌላው፣ ደብዳቤው ውስጥ እሳቸውን የሚመለከት አንድ ዓረፍተ ነገር የለም። ሰውየው ባክቴሪያ ላይ ነው የሚሠሩት ብለሻል፤ አንቺ ስለ ተክሉ ጻፍሽላቸው።

የእኔ ምክር፦ ከተክሉ ወደ ባክቴሪያው ዙሪ። የአጠውልጉ ባክቴሪያ ጂኖም ወደ 4.8 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነው፣ ከእንሰቱ መቶ ጊዜ ያንሳል። ከተለያዩ አገሮች የተሰበሰቡ ናሙናዎች ተነብበው ሪዱ፣ ማለትም ከማሽኑ የወጣው ቁርጥራጭ ንባብ፣ በነፃ ተለቋል። ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። አንዱን ናሙና አውርደሽ ሞክሪውና፣ ደብዳቤውን ከዚያ በኋላ እንጽፈዋለን።

ሰናይት_ቶሮንቶ · ማክሰኞ ጠዋት

እንኳን ደስ አለሽ የኔ እህት! ማስተርስ ለመማር መወሰንሽ ትልቅ ነገር ነው። ካናዳ ከሆነ የምታስቢው ትራንስክሪፕትሽን ከአሁኑ አስጨርሺ፣ የእንግሊዝኛ ፈተናውንም ቶሎ ተመዝገቢ። ለፕሮፌሰር ስትጽፊ ፈንድ እንዳላቸው በመጀመሪያው መስመር ጠይቂ።

ሐይቅ_ዳር · ማክሰኞ ጠዋት

አመሰግናለሁ ሰናይትዬ፣ ግን ማስተርስ አይደለም። የዲግሪ መመረቂያ ነው፣ እዚሁ ሀዋሳ። ፈንድ ብዬ ብጀምር ደብዳቤው ከነፖስታው የሚመለስልኝ ይመስለኛል።

ቤተ ሙከራ፣ ሒሳቡ ገብቶኛል፣ ትንሽ አስደነገጠኝ እንጂ። ግን ጓንት አድርጌ ዲኤንኤ ማውጣትም እፈልጋለሁ። ኮምፒውተር ላይ ብቻ ከሠራሁ ላብ ገባሁ ይባላል?

ኤፍሬም_አዳማ · ማክሰኞ ቀትር

ስለ ዲኤንኤ ማውጣት እኔን ጠይቂኝ። አዳማ ነው የተመረቅኩት። የእኔ ቲሲስ የቡና ቅጠል ነበር። የቡና ቅጠል ፖሊፌኖል የሞላበት ነው፤ እንሰትም ከዚያ አይሻልም፣ ሲቆረጥ እንዴት እንደሚጠቁር የምታውቂው ነው። ሲታብ በሚባለው ዘዴ ነበር የማወጣው። አልኮሉ ውስጥ ነጭ ክር ሆኖ ይወርዳል ብዬ ስጠብቅ ቡናማ ሙጫ ወረደ። ቱቦው ግርጌ ላይ ተለጥፎ በውኃም አይሟሟ።

ከሁሉ የሚያናድደው የዲኤንኤ መለኪያው ናኖድሮፕ ነው። በማይክሮሊትር 400 ናኖግራም ብሎ አበሰረኝ። ደስ ብሎኝ ጄል ላይ ጫንኩት። ከላይ ጥርት ያለ መስመር መታየት ሲገባው ከላይ እስከ ታች የተጨማለቀ ጭስ ሆነ። በሌላ መሣሪያ ስንለካው ዲኤንኤው ከአንድ አስረኛ በታች ነው፣ ሌላው አርኤንኤና ቆሻሻ ነው። ንጽሕናውን የሚያሳየው የ260/230 ቁጥር ከ1 በታች ሆኖ ገና ከጠዋቱ እየነገረኝ ነበር፤ ወደ 2 መጠጋት ነበረበት። ማን ያየዋል? ሁሉም የሚያየው 260/280ውን ነው። በኋላ ፖሊፌኖሉን የሚይዘውን ፒቪፒ ጨምረን፣ ቅጠሉን ከአሮጌው ወደ ለጋው ቀይረን ነው የዳንነው። ሴሚስተሩ ግን በዚሁ አለቀ። ፒሲአር ሳልሠራ ነው የተመረቅኩት ማለት ይቻላል።

እና ጓንቱ አያምርሽ።

ዳዊት_ተርሚናል · ማክሰኞ ቀትር

ሃሃ፣ ኤፍሬም ሙጫ ተመራማሪ። እህት፣ ኮዱ ላይ እኔ አለሁልሽ። ባዮሎጂ አላውቅም፣ ሊኑክስ ግን አውቃለሁ። ዊንዶውስ ከሆነ ያለሽ ሊኑክስን እዚያው ውስጥ የሚያስኬደውን ደብሊውኤስኤል ጫኚ። የግቢ ኔት መብራት በጠፋ ቁጥር ስለሚቆረጥ ማውረጃውን በብራውዘር አታድርጊው። ከአውሮፓው የሪድ ማከማቻ ቀጥታ ሊንኩን ውሰጂና እንዲህ በይ፦

```
wget -c <ሊንክ>
gzip -t A_1.fastq.gz
```

`-c` ካቆመበት ይቀጥላል። ሁለተኛው መስመር ፋይሉ እስከ መጨረሻው መውረዱን ያረጋግጣል። ዝም ካለ ደህና ነው። ከጮኸ ፋይሉ ተቆርጧል፣ እንደገና አውርጂ።

ቤተ_ሙከራ · ማክሰኞ ማታ

ዳዊት ያለው ትክክል ነው፣ እንዳትዘልዪው። ግማሽ የወረደ ፋይል አንዳንድ ጊዜ ፕሮግራሙን አያስቆመውም፤ ያለውን አንብቦ ይጨርሳል፣ አንቺም ናሙናው አነስተኛ ሪድ ነው ያለው ብለሽ ታልፊዋለሽ።

ላብ ስለመግባቱ፦ ጓንት ማድረግ የሚሰለጥኑበት ሌላ ጊዜ ይመጣል። አሁን የሚያስፈልግሽ በአንድ ሴሚስተር የሚያልቅ ነገር ነው። የባክቴሪያ ላብ ደግሞ ለአዲስ ሰው ቶሎ አይከፈትም፤ ይህ የእንሰት ገዳይ ነው፣ ባክቴሪያው ያለበትን ሰሃን ነካክተሽ ከተማ ውስጥ እንድትዞሪ የሚፈልግ የለም።

ስትፈልጊ በሁለት ስም ፈልጊ። ድሮ `Xanthomonas campestris pv. musacearum` ነበር፣ አሁን `Xanthomonas vasicola pv. musacearum` ይባላል። የቆዩት ናሙናዎች በድሮው ስም እንደተቀመጡ ልታገኚያቸው ትችያለሽ።

ሐይቅ_ዳር · ዓርብ ማታ

ተመልሻለሁ። አንድ ናሙና አወረድኩ፣ ሁለቱም ፋይል በ`gzip -t` አልፏል። 1.2 ሚሊዮን ጥንድ ሪድ፣ እያንዳንዱ 100 ፊደል። ስሠራው 240 ሚሊዮን ፊደል ይሆናል፤ ለ4.8 ሲካፈል 50። እንግዲህ እያንዳንዱ ቦታ 50 ጊዜ ያህል ተነቧል ማለት ነው፣ ትክክል ነኝ? ከዚያ እንዲህ አደረግኩ፦

```
bwa index ref.fa
bwa mem -t 4 ref.fa A_1.fastq.gz A_2.fastq.gz | samtools sort -o A.bam
bcftools mpileup -f ref.fa A.bam | bcftools call -mv -o A.vcf
```

ላፕቶፔ 8 ጊጋ ራም ነው ያለው፣ ሳያስጨንቀው ሠራው። ከሪዱ 97 በመቶው ለማነጻጸሪያ በያዝኩት ጂኖም፣ በሪፈረንሱ፣ ላይ አርፏል። 340 ልዩነት ወጣ። ግራ የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ ከ340ው ውስጥ 250 ያህሉ `0/1` ይላል። ክፍል ውስጥ እንደተማርነው ይህ አንዱን ከእናት አንዱን ከአባት ያገኘ ማለት ነው። ባክቴሪያ ደግሞ…

ዳዊት_ተርሚናል · ዓርብ ማታ

ሃሃ ባክቴሪያ እናትና አባት የለውም። ማንዋሉን አየሁት፣ ፕሮግራሙ ካልነገርሽው ሁሉንም እንደ ሰው ሁለት ቅጂ ነው የሚቆጥረው። ይህቺን ጨምሪ፦

```
bcftools mpileup -f ref.fa A.bam | bcftools call -mv --ploidy 1 -o A_ploidy1.vcf
```

`0/1`ዎቹ ብን ብለው ይጠፋሉ። ችግሩ ተፈታ። ደብዳቤውን ላኪ።

ሐይቅ_ዳር · ዓርብ ማታ

እውነትም ጠፉ! አንድም `0/1` የለም። ዳዊት ተባረክ።

ቤተ_ሙከራ · ቅዳሜ ጠዋት

ቆይ ቆይ። ዳዊት ትእዛዙን ልክ ነው የሰጠሽ፣ ለባክቴሪያ `--ploidy 1` ነው የሚባለው። ግን ችግሩ አልተፈታም። ከዓይን ነው የጠፋው።

እስቲ አስቢው። አንድ ቦታ ላይ 50 ሪድ ተደርድሯል እንበል። ሃያ አምስቱ `A` ይላሉ፣ ሃያ አምስቱ `G` ይላሉ። ሁለት ቅጂ አለ ብለሽ ስትጠይቂው ፕሮግራሙ «ሁለቱም አሉ» አለሽ። አንድ ቅጂ ነው ያለው ስትይው «እሺ አንዱን ልምረጥ» ብሎ መረጠ። ሪዱ ግን እንደነበረው ነው፣ ግማሽ በግማሽ። የመረጠው ሐሰት ሊሆን ይችላል፤ የናሙናዎቹን የዝምድና ዛፍ ስትሠሪ ደግሞ እንደ እውነተኛ ልዩነት ይቆጠራል።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ፋይል እንዳትጥዪው። እንዲያውም ውድ ምልክት ነው። እነዚያ 250ዎቹ የት የት እንዳሉ እዪ፦

```
bcftools view -H -g het A.vcf | cut -f 1,2
```

ሁለት ነገር ነው ሊታይሽ የሚችለው። ጂኖሙ ላይ ሁሉ ተበታትነው፣ በየቦታውም ሁለቱ ፊደሎች በተመሳሳይ ድርሻ ከመጡ፣ ለምሳሌ ሁሌ ሰባ በሠላሳ፣ ናሙናው ሁለት የተቀላቀሉ ባክቴሪያዎች ነው። ያኔ ናሙናው ይጣላል። እዚህም እዚያም ቡድን ቡድን ሆነው፣ በአጭር ርቀት ውስጥ ተጨናንቀው ከተገኙ ግን ድግግሞሽ ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች ጂኖማቸው ውስጥ ከቦታ ቦታ የሚዘሉ፣ ብዙ ቅጂ ያላቸው ቁራጮች አሏቸው። ሪፈረንሱ ላይ አንዱ ቅጂ ብቻ ከተጻፈ የሁሉም ቅጂ ሪድ እዚያ ላይ ይከመራል፤ ቅጂዎቹ በአንዳንድ ፊደል ስለሚለያዩ ፕሮግራሙ ድብልቅ ያየዋል። ይህን በጥልቀቱ ትለዪዋለሽ። ሌላው ቦታ 50 ሆኖ እዚያ 150 ወይም 200 ካየሽ ድግግሞሽ ነው።

በነገራችን ላይ 340 ማለትሽ ጥሩ ምልክት ነው። ይህ ባክቴሪያ ከናሙና ናሙና ብዙም አይለያይም። ብዙ ሺህ ቢወጣልሽ ኖሮ ሪፈረንስሽን ነበር የምጠይቅሽ፤ የማሽላውን ዘመዱን አውርደሻል እልሽ ነበር።

የአለታ_ወንዶ_ልጅ · ቅዳሜ ጠዋት

ይቅርታ፣ ሳይንሱ ብዙ አይገባኝም። እናቴ ጓሮ ያለው እንሰት መሐሉ ቢጫ ሆኖ እየደረቀ ነው። እዚያ ላብ ቅጠል ወስደን ብናስመረምር ያድኑልናል?

ቤተ_ሙከራ · ቅዳሜ ጠዋት

ወንድሜ፣ ለዚህ ጂኖም አያስፈልግም። የቅጠሉን ግንድ በቢላ ቁረጥና ትንሽ ጠብቅ። ቢጫ ወይም ክሬም የመሰለ ዝልግልግ ፈሳሽ ካንጠባጠበ አጠውልግ ነው። የሚያድን መድኃኒት የለም። የታመመው ተነቅሎ ከእርሻው ይራቅ። ዋናው ነገር ቢላው ነው። በሽታው ከተክል ተክል በብዛት የሚሄደው በዚያ ነው፤ የታመመውን የነካ ቢላ በእሳት ሳይግል ሌላውን አይንካ። እናትህን ከጎረቤት ቢላ እንዳይዋሱ ንገራቸው። የወረዳውን የግብርና ባለሙያም ጥራ።

ሐይቅ_ዳር · እሑድ ማታ

አየኋቸው። አብዛኞቹ ቡድን ቡድን ናቸው፤ አንዱ ቡድን አንድ ሺህ ፊደል በማትሞላ ቦታ ውስጥ ሠላሳ ምናምን አሉ። እዚያ ያለው ጥልቀት ከ160 በላይ ነው። ግን ወደ አርባ የሚሆኑት ብቻቸውን ተበታትነዋል፣ ጥልቀታቸውም መደበኛ ነው። እነሱ ምን እንደሆኑ አላውቅም።

አሁን ጥያቄዬ ሌላ ነው። ይህን ደብዳቤው ውስጥ ልጻፈው ወይስ ንጹሑን ውጤት ብቻ ላሳያቸው? ያልገባኝ ነገር እንዳለ ሳሳይ አትችልም አይሉኝም?

ገና_ማስተርስ · እሑድ ማታ

አትጻፊው። እኔ ማስተርስ ላይ ነኝ፣ አድቫይዘሮችን አውቃለሁ። ችግር ያለበት ነገር የሚያመጣ ተማሪ ሥራ የሚያበዛ ተማሪ ነው። ደግሞ ሐሳቡ ራሱ አዲስ አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. ተሠርቷል። ባክቴሪያው ሁለት ወገን እንዳለው፣ የኢትዮጵያው ከኮንጎና ከሩዋንዳው ጋር እንደሚመደብ፣ የኡጋንዳና የኬንያው ሌላ ወገን እንደሆነ ታትሟል። ያንን መድገም ቲሲስ ነው?

ቤተ_ሙከራ · እሑድ ሌሊት

በመጀመሪያው ላይ አልስማማም። የላብ ሰው «97 በመቶ አርፏል» የሚለውን ሲያነብ ምንም አይሰማውም፤ ሁሉም የሚጽፈው ነው። «250ዎቹ ድብልቅ ነበሩ፣ አብዛኞቹ ድግግሞሽ ላይ ናቸው፣ አርባውን ግን አልለየኋቸውም» የሚለውን ሲያነብ ግን ልጅቷ ፋይሉን ከፍታ አይታዋለች ይላል። ያ ነው ወንበር የሚያስገኘው።

በሁለተኛው ግን ገና ማስተርስ ከፊል እውነት አለው። «በሽታው ከየት ተነስቶ ወዴት ተዛመተ» ብለሽ ብትጽፊ ይጥሉታል፣ በትክክልም። በሽታው በሳይንስ የተመዘገበው በ1968 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ እንሰት ላይ ነው፣ ሙዝ ላይ ደግሞ በ1974። ኡጋንዳ ውስጥ የተነሳው በ2001 ነው። በነፃ ከተለቀቀው ውስጥ የኢትዮጵያው ናሙና በጣም ጥቂት ነው፤ አብዛኛው የሙዝ ወረርሽኙ ካለበት አገር የመጣ ነው። ከዚያ የመነሻ ታሪክ ማውጣት አይቻልም። ለመጀመሪያ ዲግሪ ግን የታተመን ውጤት ከጥሬው ሪድ ጀምሮ ደግሞ መሥራት፣ ድግግሞሹ ሲወጣና ሲገባ ዛፉ ይቀየር እንደሆነ ማየት በቂ ሥራ ነው ባይ ነኝ።

ገና_ማስተርስ · እሑድ ሌሊት

የእኔ ዲፓርትመንት ይህን አይቀበልም። «አዲስ ዳታ የት አለ» ነው የሚሉት። የሷ ይለይ እንደሆነ ትጠይቅ።

ኤፍሬም_አዳማ · ሰኞ ጠዋት

ይሄ እውነት ነው። መጀመሪያ ዲፓርትመንት ኃላፊው ጋ ሂጂ። ከውጭ አድቫይዘር ይፈቀዳል ወይ ብለሽ ጠይቂ። ፕሮፌሰሩ እሺ ብለው ዲፓርትመንቱ እምቢ ያለባቸውን አውቃለሁ።

ሐይቅ_ዳር · ረቡዕ ማታ

ኃላፊውን አገኘኋቸው። ከውጭ ረዳት አድቫይዘር ይቻላል፣ ዋናው ግን ከዲፓርትመንቱ መሆን አለበት አሉኝ። በነፃ የተለቀቀ መረጃ ላይ መሥራቱን «ኮሚቴው ያየዋል» ብለው አለፉት። እሺም እምቢም አላሉም።

አዲሱ ደብዳቤ ይኸው፦

«ርዕስ፦ የመመረቂያ ጽሑፍ ጥያቄ፣ በእንሰት አጠውልግ ባክቴሪያ በነፃ የተለቀቀ የጂኖም መረጃ ላይ

የተከበሩ ፕሮፌሰር፣

የአራተኛ ዓመት የባዮቴክኖሎጂ ተማሪ ነኝ፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር የመመረቂያ ጽሑፌን እሠራለሁ። የጻፍኩልዎ ላብዎ የእፅዋት በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎችን ጂኖም ስለሚያጠና ነው።

በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የአጠውልጉን ባክቴሪያ በሁለት ወገን ይከፍለዋል። እኔ የተለቀቁትን ሪዶች ከጥሬው ጀምሬ ብተነትን ያው ሁለት ወገን ይወጣ እንደሆነ፣ የድግግሞሽ ቦታዎችን ሳስወጣና ሳስገባ ዛፉ ይቀየር እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁ። የኢትዮጵያ ናሙናዎች ጥቂት ስለሆኑ ስለ በሽታው መነሻ ምንም ለማለት አላስብም።

አንድ ናሙና በራሴ ላፕቶፕ ሞክሬያለሁ። ጥልቀቱ 50 ያህል ነው። ሁለት ቅጂ አድርጌ ስጠራ ከ340 ልዩነቶች 250 ያህሉ ድብልቅ ሆነው ታዩ። አብዛኞቹ ጥልቀቱ ከሦስት እጥፍ በላይ በሆነባቸው አጫጭር ቦታዎች ላይ የተከማቹ ናቸው፣ ስለዚህ ድግግሞሽ ይመስሉኛል። ወደ 40 የሚሆኑት ግን ተበታትነዋል፣ ምክንያታቸውን አልለየሁም። የአንድ ገጽ ውጤትና የተጠቀምኩባቸውን ትእዛዞች አያይዣለሁ።

የሥራ ቦታም ሆነ ኬሚካል አልጠይቅም። የምጠይቀው በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ሰዓት ከእርስዎ ወይም ከማስተርስ ተማሪዎችዎ ከአንዱ ጋር መቀመጥ፣ ቢቻል ደግሞ የሰርቨርዎን አካውንት ነው። ዲፓርትመንቴ ከውጭ ረዳት አድቫይዘር ይፈቅዳል፣ ኃላፊውን ጠይቄያለሁ። በዚህ ሴሚስተር የማይመችዎ ከሆነም በአጭሩ ቢያሳውቁኝ ሌላ አማራጭ ለመፈለግ ይረዳኛል።

ከአክብሮት ጋር»

ቤተ_ሙከራ · ረቡዕ ማታ

ይህን ሰው ያነበዋል። ሁለት ነገር ብቻ። «ድግግሞሽ ይመስሉኛል» ያልሽውን እንዳትነኪው፣ «ናቸው» አትበዪ፤ ሪፈረንሱን እዚያ ቦታ ላይ ከፍተሽ አላየሽም። ደግሞ የትኛውን ሪፈረንስ እንደተጠቀምሽ በስሙ ጻፊ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ እሱን ነው።

አርባዎቹን በተመለከተ፣ በሁለቱ ፊደሎች መካከል ያለውን ድርሻ ቆጥረሽ በግራፍ አውጪው። አንድ ቦታ ላይ ጉብ ካለ ትንሽ ቅልቅል አለ ማለት ነው። ተበታትኖ ከሆነ የሪድ ስህተት ወይም የማረፊያ ስህተት ሊሆን ይችላል። እኔ ከዚህ ሆኜ አልፈርድም።

ኤፍሬም_አዳማ · ረቡዕ ማታ

በኢሜይል ብቻ አትላኪ። አትመሽ ይዘሽ ሂጂ። እኛ አገር ፊት ያላየ ደብዳቤ ማን ይመልሳል? ጠዋት ሻይ ሰዓት ላይ ቢሮ ይገኛሉ።

ገና_ማስተርስ · ረቡዕ ማታ

አትሂጂ። ሳይጠሩሽ በር ማንኳኳት ለእኔ አድቫይዘር ቢሆን ያኔውኑ እምቢ ነው። ኢሜይል ላኪ፣ ሳምንት ጠብቂ፣ ከዚያ አንድ አጭር ማስታወሻ።

ዳዊት_ተርሚናል · ረቡዕ ሌሊት

ሁለቱንም አድርጊ፣ ምን አለበት። ባይሆን ትእዛዞቹን በወረቀት አትስጪያቸው፣ ፋይል አድርገሽ አያይዢ፣ ሰው ኮፒ ማድረግ እንዲችል።

ሐይቅ_ዳር · ሐሙስ ጠዋት

በኢሜይል ላክሁት። ሪፈረንሱን ጨምሬያለሁ። ሌሎቹን ናሙናዎችም ማውረድ ጀምሬያለሁ፣ ግን ሌሊት መብራት ሄዶ አንዱ ተቆርጧል። `wget -c` ስለው «ሙሉ ነው» ይለኛል፣ `gzip -t` ግን ይጮኻል። ማንን ልመን?

ዳዊት_ተርሚናል · ሐሙስ ጠዋት

`gzip`ን። `wget` መጠኑን ብቻ ነው የሚያየው፣ መሐሉ ቢበላሽም አያውቅም። ፋይሉን ሰርዢና ከመጀመሪያው አውርጂ። ከማከማቻው ገጽ ላይ `fastq_md5` የሚል ዓምድ አለ፣ ሳይታይ ከቀረ ከዓምዶች ምርጫ ውስጥ ምልክት አድርጊበት። ከዚያ `md5sum` ብለሽ ሁለቱን አስተያዪ። አንድ ፊደል ከተለየ አትጠቀሚበት።